«እስቲ ትንሽ አሻሽዪልኝ»

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም ላሻሽል ስነሣ ነው።

ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ፣ አግብቼ፣ ከባለቤቴ ጋር ለአገልግሎት ወደ ወረታ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ብዕር ይዤ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የማኅበረ ምእመናኑ ሰዎችም ይህን ስላወቁ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣል፦ የሠርግ መጥሪያ፣ ማመልከቻ፣ የሐዘን መግለጫ፣ ለክፍለ ሀገር ዘመድ የሚላክ ደብዳቤ። አምጪዎቹ ሁሉ የሚሉኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «እስቲ ይቺን ትንሽ አሻሽዪልኝ።»

በጥቅምት ወር፣ ሩዙ ሊበስል ሲል፣ አንዲት በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል እህት መጣች። ከርብ ወንዝ ዳር ከሚገኝ መንደር ነው የምትመጣው። በእጇ ከልጇ ደብተር የተቀደደ አንድ ቅጠል ወረቀት ይዛለች፤ በሁለቱም ገጽ ሞልቶ ተጽፎበታል። ታላቅ ወንድሟ ከዓመታት በፊት ወደ መተማ ሄዶ እዚያው ተጎልቷል። ወደ መተማ የሚሄድ ሰው ስለተገኘ በእጅ ልትልክለት ነው። ያለችኝም ያንኑ ነው፤ «እስቲ አሻሽዪልኝ፤ የተማረ ሰው ያየው ይመስል እንዲሆን።»

ደብዳቤው እንዲህ ይጀምር ነበር፤ «ለውድ ወንድሜ ለአያ» ብሎ ስሙን ይጠራል። ከዚያ ሰላምታው ነው። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይሆናል። የሚስቱን ጤና፣ የልጆቹን ጤና በየስማቸው፣ የበሬዎቹን ሳይቀር ይጠይቃል። ቀጥሎ የእናታቸው ዓይን መድከሙን፣ ማታ ማታ «መጥቶ ባየሁት» እያለች ስሙን እንደምታነሣ ይናገራል። ከዚያ የዝናቡ ነገር፣ ርብ ሞልቶ የማንን ማሳ እንደበላ። በመጨረሻ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጥግ ላይ በተጣበበ ጽሕፈት አንዲት ነገር አለች። እሱ ሲሄድ ለጎረቤት በእኩል የሰጣት የእናታቸው ጥማድ መሬት ለከርሞ ለእሷ ብትሆን፣ እናትን የምትጦረው እሷ ስለሆነች፣ ደስ ይላት እንደሆነ ትጠይቃለች።

እኔ ቁጭ ብዬ አሻሻልኩት። ያን ጊዜ ለእኔ የተሻለ ማለት የቢሮ ደብዳቤ የመሰለ ማለት ነበር። ከላይ በስተቀኝ ቀኑን ጻፍኩ። «ለአያ» የሚለውን «ለአቶ» አደረግሁት። «አንተ» የሚለውን ሁሉ «እርስዎ» አልኩት፤ ለታላቅ ክብር መስጠቴ ነው። ሰላምታውን «ለጤናዎ እንደምን አሉ» በሚል አንድ መስመር ቋጨሁት። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፤ ደብዳቤ ርእስ ያስፈልገዋል ብዬ መሐል ላይ «ጉዳዩ፦ የእርሻ መሬትን ይመለከታል» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። ያቺ ከጥግ የነበረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ራስ ሆነች ማለት ነው። የእናትየው ዓይን ደግሞ «ወላጅ እናታችን በዓይን ሕመም ምክንያት በችግር ላይ የምትገኝ በመሆኑ» ተብሎ ለመሬቱ ጥያቄ ማስረጃ ሆነ።

ጽፌ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያምራል» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አላየሁም። ያን ጊዜ አልጠረጠርኩም። አሁን ሳስበው ያ ዝምታ ምልክት ነበር። ሰው የራሱ ቃል ሲነበብለት አንገቱን ይነቀንቃል፣ ከአፍሽ ይነጥቅና ይጨምራል። ያልተናገረው ሲነበብለት ዝም ብሎ ያደንቃል።

ዋናውን ወረቀት ቡና ሲፈላ እሳት መለኮሻ አደረግሁት። ይህንንም ተናዝዣለሁ።

ከመተማ መልስ ሳይመጣ ጥቅምት አለፈ፤ ሩዙ ታጨደ፣ ተወቃ። ጥር ላይ ደብዳቤ ሳይሆን ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ወንድሟ ልኳቸው ነው። ደብዳቤውን ይዘውታል። ወንድምየው ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ያነበበችለት ገና በትምህርት ላይ ያለች ልጁ ናት። ልጅቷ «ጉዳዩ» የሚለውን ስታነብ ሰውየው «ከፍርድ ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። «አቶ» ስትል ደግሞ «እኔን ነው?» አለ። ሽማግሌዎቹ የነገሩን አባባሉ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «እህቴ አቶ አለችኝ። እርስዎ አለችኝ። መሬቱን ትውሰደው፣ እኔ ግን ከዚህ በኋላ እህት የለኝም» ብሏል።

እሷ ለቅሶ ላይ እንደተቀመጠች ሆነች። ደብዳቤውን የጻፈችበት ምክንያት መሬቱ አልነበረም፤ ወንድሟ መጥቶ እናቱን እንዲያይ ነበር። ይህን ግን እኔ አልጠየቅኋትም። እሷም «አሻሽዪልኝ» ስትል እንዲሞቅላት ፈልጋ ይሁን እንዲያጥርላት፣ እንዲቀልላት ይሁን እንዲከብርላት አልነገረችኝም። እንዲያውም እሷ ራሷ ለይታ የምታውቀው አይመስለኝም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የልጇ እስክርቢቶና የራሷ አነጋገር ያሳፍራታል።

ያን ሌሊት ለባለቤቴ አልቅሼ ነገርኩት። እሱም ከት ብሎ ሳቀብኝ። «እኔንስ ባለፈው ምን አደረግሽኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለአንድ የሠርግ ምክር ያዘጋጀውን ጽሑፍ «አሻሽዪልኝ» ብሎ ሰጥቶኝ ስምንት ገጹን ወደ ሦስት ገጽ አውርጄለት ነበር። እሱ ፈልጎ የነበረው ንግግሩ እንዲለዝብለት ነው፤ ሙሽሪት አባቷን በቅርቡ የቀበረች ስለነበረች ቃሉ እንዳይቆረቁራት ፈርቶ። እኔ ደግሞ ስለ ሐዘኗ የጻፈውን አንቀጽ «ከርእሱ ወጥቷል» ብዬ ቆርጬ ጥዬው። ሁለታችንም ተኰራርፈን ሦስት ቀን ከርመናል። ባልና ሚስት ሆነን በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን «ይሻላል» የምንለው ቃል ለየቅል ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ ልንጽፍ ከእህታችን ጋር ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ብዕሩን ወዲያው አላነሣሁም። መጀመሪያ የጠየቅኋት ደብዳቤው ሲደርስ ማን እንደሚያነበው ነው። «ልጁ» አለችኝ። እንግዲያው ደብዳቤው በጆሮ የሚሰማ እንጂ በዓይን የሚነበብ አይደለም። ቀጥዬ አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። «እንዲመጣ» አለች። «መሬቱስ?» አልኳት። «መሬቱ ይቅር፤ ሲመጣ ቡና ላይ እንነጋገረዋለን» አለች። በሁለት ጥያቄ ከአሮጌው ደብዳቤ ላይ የነበረው ራስ በሙሉ ወደቀ።

ከዚያ አንዱን ዓረፍተ ነገር፣ የእናትየውን ዓይን የሚናገረውን፣ በየመልኩ ጽፌ አነበብኩላት። ይህን ያደረግሁት ምን እንደምትፈልግ በቃል መግለጽ ስላቃታት ነው፤ ምርጫው ፊቷ ሲቀርብ ግን ሰው አይስትም።

አጭሩን አስቀደምኩ፤ «እማማ ታማለች፤ ቶሎ ና።» ገና ሳልጨርስ ደረቷን መታች። «ኧረ በስመ አብ! ይህማ መርዶ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ሩቅ ላለ ዘመድ «እናትህ ታማለችና ና» ተብሎ ባጭሩ ከተላከበት ሰውየው የሚሰማው «ሞታለች» የሚል ነው። መንገድ ላይ እንዳይደነግጥ ተብሎ ሕመም የሚባል ሞት አለና። ቃሉ ሲያጥር ትርጉሙ ሌላ ሆነ። በደብዳቤያችን ውስጥ ያ ሁሉ የጤና ጥያቄ፣ የበሬው ሳይቀር፣ ትርፍ ወሬ የሚመስለው ለማያውቀው ነው። አንባቢው «የከፋ ነገር የለም» ብሎ ትንፋሹን እንዲመልስ የሚያደርገው እሱ ነው። እኔ በጥቅምት የቆረጥኩት ያንን ነበር።

ሁለተኛ የከበረውን አነበብኩላት፤ «ወላጅ እናታችን በዓይን ሕመም ምክንያት» ስል እጇን አወናጨፈች። ይህን ከዚህ በፊት ቀምሳዋለች።

ሦስተኛው ቀላሉ ነው። «የእማማ ዓይን ደክሟል። ቀን ቀን ታያለች። ማታ አታይም። ሌላ ሕመም የለባትም፤ አትደንግጥ። አንተን ግን ትጠራለች።» ይህን ስሰማ ራሴን ገረመኝ። ቀላል ማለት አጭር ማለት አይደለም። በአማርኛ ብዙ ጊዜ እንዲያውም የሚያጥረው ከባዱ ነው፤ አንድ የግእዝ ቃል አምስት የቤት ቃላትን ጠቅልሎ ይይዛል። ቀላል ለማድረግ ያንን ጥቅል መፍታት አለብሽ፤ ሲፈታ ይረዝማል። ሌላው የአማርኛችን ጠባይ ደግሞ ማሰሪያው ግሥ ከመጨረሻ መሆኑ ነው። «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ፣ ነግሮ» እያልሽ ከቀጠልሽ ሰሚው እስከ ማሰሪያው ድረስ ማን ምን እንደሆነ ይዞ መቆየት አለበት። የምታነበው ደግሞ ልጅ ናት፤ መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠራት ነገሩ ይበጠሳል። ስለዚህ በየግሡ አሰርኩላት።

አራተኛው የሞቀው ነው፤ እሱን የጻፍኩት ከራሷ አፍ እየቀዳሁ ነው። «አያ፣ እማማ ማታ ማታ ከደጅ ስትቀመጥ ውሻ ከጮኸ ‹እሱ ይሆን እንዴ› ትላለች። እኔም ‹አይደለም እማማ› እላታለሁ። እንዲህ ስላት ሆዴ ይባባል።» እዚህ ላይ ስደርስ ቃሉን ከአፌ ነጠቀችኝና «የእንጨቱን በር እሱ የሠራው ነው፤ አሁንም በእጇ ትዳስሰዋለች በይ» አለችኝ። በጥቅምት ያልነቀነቀችው አንገት አሁን ተነቀነቀ።

ከሦስተኛውና ከአራተኛው ቀላቅለን ጻፍን። ሰላምታው በግማሽ ገጽ ተመለሰ። «አንተ» ተመለሰ። ስለ መጀመሪያው ደብዳቤ ምን እንበል ስላት አሰበችና «‹አቶ ያልኩህ እኔ አይደለሁም፤ የተማረ ሰው ነው› በይ» አለች። እንደወረደ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ ሰው «ምን ላድርግልህ?» ማለት ትቻለሁ፤ መልሱ ያው «አሻሽዪው» ነውና። በምትኩ «ምኑ ነው የከፋህ?» እላለሁ። ሕዝባችን የሚያምረውን ለይቶ መንገር ቢቸገርም የከፋውን ለይቶ ያውቃል። «ተንዛዛብኝ» ካለ ይጠር። «ይከብዳል» ካለ ይፈታ። «ደረቅ ሆነብኝ» ካለ ሙቀት ነው የጎደለው። «ይቀለኛል» ወይም «የልጅ መሰለ» ካለ ክብር ፈልጓል። ይህም ካልሠራ የመጀመሪያዋን አንቀጽ ብቻ ነክቼ አነብለታለሁ እንጂ ሙሉውን አልለውጥም። ዋናውን ወረቀት ደግሞ እስከ መጨረሻው መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ለእሳት አልሰጥም።

ሙቀት ሁልጊዜ ይሻላል ለማለት ግን አይደለም። ከዚያ ታሪክ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላው ጥግ ሄጄ ነበር። አንዲት እህት ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር የመሸኛ ደብዳቤዋን በፍቅር አጥለቅልቄ ጻፍኩላት፤ በመዘምራን ውስጥ እንዴት እንደምትናፈቅ፣ እንባችን እንዴት እንደወረደ። የተቀበለቻት ቤተ ክርስቲያን ሌላ ደብዳቤ እንዲላክ ጠየቀች። ያን ሁሉ ስጽፍ መጠመቋንና በጌታ እራት መካፈሏን፣ ከመቼ ጀምሮ አባል እንደሆነች፣ ያለባት ጉዳይ መኖር አለመኖሩን አልጻፍኩም። እንዲህ ላለው ነገር የተለመደው ደረቅ አጻጻፍ፣ ቀኑና ማኅተሙ፣ ለተቀባዩ ፍቅር ነው። ማመልከቻም እንዲሁ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳው የተወሰደበት ገበሬ ለወረዳ ሲያመለክት የሐዘኑን ታሪክ ከላይ ካስቀደመ የሚጠይቀው ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። እዚያ ነው ያ የተሰመረበት «ጉዳዩ» ቦታው፤ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የማሳው ስፋትና ቀበሌው በቁጥር፣ ልቅሶው ለቤት።

ይህ ነገር በእኛ ደብዳቤዎች ብቻ የሚታይ አይደለም። በጉባኤያችን መካከል በአንድ እሑድ ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ቅዱስ ይከፈታል። በዕድሜ የገፉት እናቶችና አባቶች የ1954 ዓ.ም.ን ይይዛሉ፤ ወጣቶቹ አንዳንዶቹ በ1980 ዓ.ም. በቀላል አማርኛ የወጣውን፤ ሌሎቹ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. የታተመውን አዲሱን መደበኛ ትርጉም። በኮሌጅ ሳለን «የትኛው ይሻላል?» እያልን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። አንዳችንም «ለማን? ለምን?» ብለን አልጠየቅንም። በጆሮ ለሸመደዱት ለእነ እማማ የ1954ቱ ዜማ ቢጎድል ቃሉ የጎደለ ይመስላቸዋል፤ በቅርብ ለመጣ የገበሬ ልጅ ደግሞ ያው ዜማ ግድግዳ ነው። ከጥንትም እንዲሁ ነበር። የጎጃሙ ተወላጅ አቡ ሩሚ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በካይሮ ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ከመለሰ በኋላ፣ በ1840 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሙሉው ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተነሡ ሰዎች እያረሙና እንደ አዲስ እየተረጎሙ እዚህ አድርሰውታል። ሁሉም «እናሻሽል» ብለው ነው የተነሡት። አንዱ ወደ ግእዙ ክብር፣ ሌላው ወደ ገበያው አነጋገር ይጎትተዋል።

ለሴቶች ኅብረታችን የጳውሎስን ደብዳቤ ለፊልሞና ያስተማርኩትም በዚያው ዓመት ነው። አንድ ምዕራፍ፣ ሃያ አምስት ቁጥር ብቻ። ሐዋርያው ማዘዝ እንደሚችል ይነግረዋል፤ ሥልጣኑም አለው፤ ግን ትእዛዙን ትቶ ስለ ፍቅር ልመናን ይመርጣል። ራሱን ሽማግሌና እስረኛ ብሎ ነው የሚጠራው። የኮበለለውን አናሲሞስን ነገር ከማንሣቱ በፊትም የፊልሞናን ፍቅርና እምነት እያነሣ ያመሰግናል። እንደ ጥቅምቱ አሠራሬ ቢሆን ኖሮ ከላይ «ጉዳዩ፦ የኮበለለን አገልጋይ ይመለከታል» ብዬ አሰምርበት ነበር።

ወንድምየው በሰኔ መጣ፤ ሩዝ ሊዘራ ውሃ ሲጠበቅ። ቀድሞ ወደ እናቱ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እህትና ወንድም አብረው ቤታችን መጡ። ቡና ተፈላ። ሰውየው ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። አየት አድርጎኝ «የተማረው ሰው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሱም ሳቀና «ሁለተኛውን ልጄ አራት ጊዜ አነበበችልኝ» አለ። የመሬቱ ነገር እዚያው በሦስተኛው ስኒ ላይ አለቀ፤ ለከርሞ እሷ ታርሳለች፣ ከምርቱ ለእናት ቀለብ ተነሥቶ የቀረውን ይካፈላሉ። እሱን ማንም አልጻፈውም።

ከዓመታት በኋላ እህታችን እንደገና ወረቀት ይዛ መጣች። በዚህ ጊዜ ለልጇ ትምህርት ቤት የሚገባ ማመልከቻ ነው። ከደጅ ቆማ «እስቲ ትንሽ አሻሽ...» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ እየሳቀች ገባች።

«አሳጥሪልኝ ማለቴ ነው» አለች። «ደግሞ አቶ በይው፤ ይህ ሰውዬ ወንድሜ አይደለም።»